የቱ ይቅደም? ፕሮዳክት ሩል ወይስ ቼይን ሩል

ካልኩለስ በጀመረ ተማሪ ደብተር ላይ ውሎ አድሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦

f(x) = x³(2x − 5)⁴

ትእዛዙ አጭር ነው፤ ዴሪቬቲቩን ፈልጉ ይላል። ከዚህ በፊት የነበሩት ጥያቄዎች አንድ አንድ ሕግ ብቻ የሚበቃቸው ነበሩ። x⁵ ሲመጣ ፓወሩን ወደ ፊት አምጥቶ፣ ከፓወሩ ላይ 1 ቀንሶ፣ 5x⁴ ብሎ መጻፍ ነው። ይኼኛው ግን በአንድ መስመር ሁለት ሕግ ይጠይቃል። ሁለት ነገሮች ስለተባዙ ፕሮዳክት ሩል ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ሌላ ፈንክሽን ስለያዘ ቼይን ሩልም ያስፈልጋል።

በአገራችን ይህ ትምህርት የሚጀመረው 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባም በመጀመሪያው ዓመት መልሶ ያገኘዋል። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ሕጎች በቃላቸው ይዘዋል፤ ቢጠየቁ ሳይደናቀፉ ይሏቸዋል። ሁለቱ በአንድ ጥያቄ ሲገናኙ ግን ነጥብ ይጥላሉ። ሕጉ ጠፍቷቸው ሳይሆን ጥያቄውን አንብበው የትኛው እንደሚቀድም ሳይወስኑ እጃቸው ወደ እስክሪብቶ ስለሚቸኩል ነው። የቅደም ተከተሉ ውሳኔ የራሱ መንገድ አለው፤ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ሁለቱ ሕጎች ከየት እንደመጡ እንይ።

ዴሪቬቲቭ የሚለካው

x ትንሽ ከፍ ሲል f(x) የዚያን ጭማሪ ስንት እጥፍ ያህል ይለወጣል? ዴሪቬቲቭ የሚመልሰው ይህንን ነው። ከላይ ባለው ፈንክሽን x = 3 ሲሆን x³ 27 ነው፤ 2x − 5 ደግሞ 1 ነው፤ ስለዚህ f(3) = 27 ይሆናል። x ከ3 ወደ 3.001 ከፍ ቢል f ከ27 ተነሥቶ የት ይደርሳል? ጭማሪውን ለ0.001 ስናካፍለው የምናገኘው ቁጥር ለዴሪቬቲቩ ቅርብ ነው፤ የx ጭማሪ እያነሰ በሄደ ቁጥርም እየቀረበ ይሄዳል። ይህን ቁጥር በኋላ የራሳችንን መልስ ለመፈተን እንጠቀምበታለን።

ሲባዙ ለምን ይደመራል?

ፕሮዳክት ሩል እንዲህ ይላል፦ f = u·v ከሆነ f′ = u′v + uv′ ነው። የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ በሁለተኛው ይባዛል፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ይባዛል፤ ከዚያ ሁለቱ ይደመራሉ። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ድምሩ ነው። ጥያቄው ብዜት ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን u′ × v′ ብቻ አይሆንም?

አንድ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ መሬት እናስብ። ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ በ0.2 ሜትር፣ ወርዱ በ0.1 ሜትር ቢጨምር አዲሱ ስፋት 30.2 × 20.1፣ ማለትም 607.02 ካሬ ሜትር ይሆናል። የተጨመረው 7.02 ከሦስት ቦታ የመጣ ነው። በአንደኛው ጎን 0.2 × 20፣ ማለትም 4 ካሬ ሜትር ተጨመረ። በሌላው ጎን 30 × 0.1፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ተጨመረ። ጥጉ ላይ ደግሞ 0.2 × 0.1፣ ማለትም 0.02 ካሬ ሜትር የምታህል ቁራሽ አለች። ሁለቱ ረጃጅም ቁራጮች የፕሮዳክት ሩል ሁለት ተደማሪዎች ናቸው። ጥጓ ጭማሪው እያነሰ ሲሄድ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥና ስለምትጠፋ ሕጉ ውስጥ አትገባም። ዴሪቬቲቮቹን ብቻ አባዝቶ የሚያልፍ ተማሪ እንግዲህ ሁለቱን ትላልቅ ቁራጮች ጥሎ ጥጓን ብቻ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ካልኩለስን ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነውን ጎትፍሪድ ላይብኒትስን ራሱን አሳስቦታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1675 ፓሪስ ሳለ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የሁለት ነገሮች ብዜት ለውጥ ከለውጦቻቸው ብዜት ጋር እኩል ይሆን እንደሆነ ጠይቆ፣ እኩል እንደማይሆን በምሳሌ አረጋገጠ። ትክክለኛውን ሕግ እዚያው ወር ውስጥ ደረሰበት፤ በ1684 ደግሞ ላይፕዚግ ይታተም በነበረው «አክታ ኤሩዲቶረም» መጽሔት ላይ አወጣው።

ውጭና ውስጥ

ቼይን ሩልን ለማየት ከጥያቄያችን (2x − 5)⁴ የሚለውን ብቻ እንውሰድ። እዚህ ሁለት ሥራ በተራ ይሠራል። መጀመሪያ x በ2 ተባዝቶ 5 ይቀነስለታል፤ ከዚያ የተገኘው ቁጥር ወደ 4ኛ ፓወር ይነሣል። የመጀመሪያውን ሥራ ውስጠኛው፣ ሁለተኛውን ውጨኛው ፈንክሽን እንለዋለን።

x ከ3 ወደ 3.001 ከፍ ሲል ውስጠኛው ከ1 ወደ 1.002 ይሄዳል። የx ጭማሪ 0.001 ቢሆንም የውስጠኛው ጭማሪ 0.002 ሆነ፤ በ2 እጥፍ አደገ። ውጨኛው የሚያየው ይህን ያደገውን ጭማሪ ነው። 1.002 ወደ 4ኛ ፓወር ሲነሣ 1.008024 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም 0.008 ያህል ጨመረ። ይህ ከ0.002 ጋር ሲተያይ 4 እጥፍ ነው፤ ከመነሻው 0.001 ጋር ሲተያይ ግን 8 እጥፍ ነው። ስምንቱ የመጣው 4ን በ2 በማባዛት ነው። ቼይን ሩል ከዚህ ሌላ ነገር አይልም፦ የውጨኛውን ዴሪቬቲቭ ውስጡን ሳትነኩ አውጡ፤ ከዚያ በውስጠኛው ዴሪቬቲቭ አባዙት።

(2x − 5)⁴ → 4(2x − 5)³ · 2 = 8(2x − 5)³

«ውስጡን ሳትነኩ» የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ፓወሩ ሲወርድ በቅንፉ ውስጥ ያለው 2x − 5 እንዳለ ይቀመጣል። አንዳንድ ተማሪ ቅንፉንም አብሮ ለውጦ 4(2)³ ብሎ ይጽፋል። ያ 32 የሚባል ቋሚ ቁጥር ይሆናል፤ x ከነአካቴው ጠፋ ማለት ነው። የውስጠኛው ዴሪቬቲቭ የሚገባው በቅንፉ ቦታ ሳይሆን ከጎኑ፣ በብዜት ነው።

መጨረሻ ላይ የሚሠራው ስሌት

አሁን የቅደም ተከተሉን ውሳኔ እንይ። መንገዱ ቀላል ነው። በx ቦታ አንድ ቁጥር አስገብታችሁ ፈንክሽኑን በእጅ ብትሠሩት መጨረሻ ላይ የምትሠሩት ስሌት የቱ ነው? መጀመሪያ የሚነሣው ሕግ የዚያ ስሌት ሕግ ነው።

ጥያቄያችንን በ3 እንሞክረው። 3³ ብለን 27 እናገኛለን። 2 × 3 − 5 ብለን 1 እናገኛለን። 1ን ወደ 4ኛ ፓወር አንሥተን 1 እናገኛለን። መጨረሻ ላይ 27ን በ1 እናባዛለን። የመጨረሻው ሥራ ብዜት ስለሆነ ከላይ የሚቆመው ፕሮዳክት ሩል ነው፤ ቼይን ሩል በእሱ ሥር፣ ሁለተኛውን ተባዢ ስንሠራ ብቻ ይገባል።

አሁን ከእሱ ጋር በጣም የሚመሳሰለውን ይህን እንይ፦

g(x) = (x(2x − 5))⁴

በ3 ስንሠራው ውስጡ 3 × 1፣ ማለትም 3 ነው፤ መጨረሻ ላይ 3ን ወደ 4ኛ ፓወር አንሥተን 81 እናገኛለን። የመጨረሻው ሥራ ፓወር ነው። ስለዚህ እዚህ ቼይን ሩል ይቀድማል፤ ፕሮዳክት ሩል የሚመጣው የውስጠኛውን ዴሪቬቲቭ ስንፈልግ ነው፦

g′(x) = 4(x(2x − 5))³ · (1·(2x − 5) + x·2) = 4(x(2x − 5))³ (4x − 5)

በ3 ላይ ይህ 4 × 27 × 7፣ ማለትም 756 ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ብታዩ የቅንፉ ቦታ ብቻ ነው ከባድ ልዩነት የፈጠረው። ቅንፉን በዓይን ዘሎ ያለፈ ተማሪ የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል፤ ሕጎቹን ሁሉ በትክክል እየጻፈም መልሱ ስህተት ይሆናል።

አንድ ማስታወሻ እዚህ ላይ ይጨመር። 7(2x − 5)⁴ ቢመጣ የመጨረሻው ሥራ ብዜት ነው፤ ግን 7 ቋሚ ቁጥር ስለሆነ ፕሮዳክት ሩል አያስፈልግም። 7ቱን እንዳለ ይዞ ቀሪውን በቼይን ሩል መሥራት ይበቃል። ፕሮዳክት ሩል ቢጠቀሙም ስህተት አይደለም፤ የ7 ዴሪቬቲቭ ዜሮ ስለሆነ አንዱ ተደማሪ ይጠፋል። ጊዜ ብቻ ነው የሚባክነው።

ጥያቄውን እንሥራው

ወደ መነሻችን እንመለስ። ሁሉንም በአንድ መስመር ለመጨረስ ከመሞከር አራቱን ነገሮች ለየብቻ መጻፍ ብዙ ስህተት ያስቀራል፦

u = x³
u′ = 3x²
v = (2x − 5)⁴
v′ = 8(2x − 5)³

v′ን ያገኘነው ቀደም ሲል በቼይን ሩል ነው። አሁን በፕሮዳክት ሩል እናስገባቸው፦

f′(x) = 3x²(2x − 5)⁴ + 8x³(2x − 5)³

የካልኩለሱ ሥራ እዚህ ላይ አልቋል። የቀረው አልጀብራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ነጥብ የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለቱ ተደማሪዎች ውስጥ የጋራ የሆነውን እናውጣ። x² እና x³ ካሉ ሁለቱም የሚጋሩት ትንሹን፣ x²ን ነው። (2x − 5)⁴ እና (2x − 5)³ ካሉም የሚጋሩት (2x − 5)³ን ነው። እነዚህን ስናወጣ ከመጀመሪያው ተደማሪ 3(2x − 5) ይቀራል፤ ከሁለተኛው 8x ይቀራል፦

f′(x) = x²(2x − 5)³ [3(2x − 5) + 8x]

በካሬ ቅንፉ ውስጥ ያለው 6x − 15 + 8x፣ ማለትም 14x − 15 ነው። ሦስቱን ለ5ቱም ማካፈል የረሳ ሰው 6x − 5 ብሎ ይሄዳል፤ ይህ ካልኩለሱን ጨርሶ በአልጀብራ መውደቅ ነው። የመጨረሻው መልስ፦

f′(x) = x²(2x − 5)³(14x − 15)

እንዲህ ማሳጠሩ ለውበት ብቻ አይደለም። ተከታዩ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «f′(x) = 0 የሚሆነው የት ነው?» የሚል ነው። መልሱ በዚህ መልኩ ከተጻፈ x = 0፣ x = 5/2 እና x = 15/14 ወዲያው ይነበባሉ። በድምር መልክ ከተተወ ግን ማንም በቀላሉ አያያቸውም።

መልሱን መፈተኛ

አስተማሪ ሳይጠብቁ መልስን መፈተን ይቻላል። መልሳችን በ3 ላይ 9 × 1 × 27፣ ማለትም 243 ይሰጣል። ካልኩሌተር ይዘን f(3.001)ን ብንሠራ 27.243875 ገደማ እናገኛለን። ከ27 ያለው ልዩነት 0.243875 ነው፤ ለ0.001 ሲካፈል 243.9 ያህል ይሆናል። ከ243 ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ትንሿ ልዩነት ጭማሪው ዜሮ ስላልሆነ የመጣች ናት።

የተለመዱትን ስህተቶች በዚሁ ሚዛን እናስቀምጣቸው። ዴሪቬቲቮቹን ብቻ ያባዛ ተማሪ 3x² · 8(2x − 5)³ ብሎ በ3 ላይ 216 ያገኛል። የውስጠኛውን ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም 2ን የረሳ ተማሪ 3x²(2x − 5)⁴ + 4x³(2x − 5)³ ብሎ 135 ያገኛል። ሁለቱም ከ243.9 ሩቅ ናቸው፤ ወዲያው ይጋለጣሉ።

ሦስተኛው ስህተት ግን ተደብቆ ያልፋል። ፓወሩን ወደ ፊት አምጥቶ 1 መቀነስ የረሳ ተማሪ v′ = 8(2x − 5)⁴ ይላል። በ3 ላይ 2x − 5 = 1 ስለሆነ 1 ወደ 3ኛም ወደ 4ኛም ፓወር ቢነሣ ያው 1 ነው፤ የተሳሳተው መልስም 243 ይሰጣል። መፈተኛው በራሱ ስህተት የለበትም፤ የተመረጠው ቁጥር ነው ልዩነቱን የሸፈነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የተስማማ መልስ ገና አልተረጋገጠም። x = 1 ላይ ስንሞክር 2x − 5 = −3 ይሆናል፤ ትክክለኛው መልስ 27 ሲሆን የተሳሳተው 891 ነው። ካልኩሌተሩ በf(1.001) እና በf(1) መካከል ያለውን ልዩነት ለ0.001 ስናካፍል 26.8 ያህል ስለሚሰጠን ስህተቱ ይጋለጣል። ለመፈተኛ ቁጥር ስትመርጡ ቅንፉን 0 ወይም 1 የሚያደርገውን ተዉት፤ x ራሱም 0 ወይም 1 ቢሆን በx³ ላይ የተሠራ ስህተት እንዲሁ ሊደበቅ ስለሚችል ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ላይ መሞከር ይሻላል።

ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ ደግሞ ዲግሪውን መቁጠር ይረዳል። x³ 3 ዲግሪ አለው፤ (2x − 5)⁴ 4 ዲግሪ አለው፤ ብዜታቸው 7 ነው። የ7 ዲግሪ ፖሊኖሚያል ዴሪቬቲቭ 6 ዲግሪ መሆን አለበት። መልሳችን 2 + 3 + 1፣ ማለትም 6 ነው። ዴሪቬቲቮቹን ብቻ ያባዛው ተማሪ 5 አግኝቷል፤ ፓወሩን መቀነስ የረሳው ደግሞ 7 አግኝቷል፤ ሁለቱም ያለ ካልኩሌተር ይያዛሉ። 2ን የረሳው ግን ዲግሪው 6 ሆኖ ስለሚወጣ በዚህ ወንፊት ያልፋል። እሱን የሚይዘው የከፍተኛው ፓወር ቁጥር ነው። f ሲዘረዘር የሚጀምረው በ16x⁷ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ በ112x⁶ መጀመር አለበት። የእኛ መልስ 1 × 8 × 14፣ ማለትም 112 ይሰጣል፤ የእሱ ግን 80 ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ቅንፉን ዘርዝሮ ፓወር ሩልን ብቻ መጠቀም አይቻልም?» ሊል ይችላል። ይቻላል። ዘርዝረን ዴሪቬቲቩን ስናወጣ 112x⁶ − 960x⁵ + 3000x⁴ − 4000x³ + 1875x² እናገኛለን፤ 3ን ስናስገባበትም ያው 243 ነው። ግን ፓወሩ ከ4 ወደ 40 ቢያድግ የሚዘረዝር አይገኝም፤ ስኩዌር ሩት ከመጣ ደግሞ የሚዘረዘር ነገር ራሱ የለም። ሁለቱ ሕጎች ግዴታ የሚሆኑት እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ የመለማመጃው ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦

h(x) = x²√(4x + 1)

መጀመሪያ 2ን አስገብታችሁ የመጨረሻው ስሌት የቱ እንደሆነ ለዩ፤ አራቱን መስመሮች ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ ሕጎቹን በተራቸው ተጠቀሙ። x = 2 ላይ ያገኛችሁት 44/3 ከሆነ ሠርታችኋል። 38/3 ካገኛችሁ ፕሮዳክት ሩሉን በትክክል ተጠቅማችሁ በሥሩ ውስጥ ያለችውን 4 ረስታችኋል፤ ወደ ቼይን ሩሉ ተመለሱና አባዟት።